ማይግሬን በሁለቱም ጎን ያማል፦ ስለ ራስ ምታት ዓይነቶች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ማይግሬንንና የውጥረት ራስ ምታትን መለየት ቀላል ነው። ሕመሙ በአንድ ጎን ከሆነ ማይግሬን፣ በሁለቱም ጎን ወይም በማጅራት ከሆነ የውጥረት ነው። ማይግሬን ትር ትር እያለ ይመታል፤ የሚጫንና የሚጨመድድ ከሆነ ማይግሬን አይደለም። የማያስመልሰው ሰው ማይግሬን የለበትም። ጭንቀትና የአንገት መያዝ የቀሰቀሱት ራስ ምታት ደግሞ የውጥረት መሆኑ አያጠራጥርም። ለማንኛውም ለሁለቱም የሚወሰደው ማስታገሻ አንድ ስለሆነ፣ ስሙ ይህ ሆነ ያ ብዙም ለውጥ አያመጣም።»

ይህ አንቀጽ የአንድ የጤና ጽሑፍ መደምደሚያ ነው። የራስ ምታት ታካሚዎችን የማይ ሐኪም በመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በዚህ መመዘኛ ራሱን የሚለካ ሰው ማይግሬን እያለበት «የለብኝም» ብሎ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላልና። ጸሐፊው በቀሪው ክፍል የጻፉት ጥሩ ነው። ሁለቱም ከሌላ በሽታ የተነሡ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ የራስ ምታት ዓይነቶች መሆናቸውን፣ በደም ምርመራም ሆነ በራጅ እንደማይለዩ፣ ምርመራው በዋናነት ታካሚውን በመጠየቅ ላይ እንደሚቆም በትክክል አስረድተዋል። ጉዳዩ በጥያቄ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ጥያቄዎቹ ትክክለኛ መሆን አለባቸው። አምስቱን ነጥቦች በተጻፉበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። የምመራበት መለኪያ የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የራስ ምታት ዓይነቶች ምደባ ሦስተኛ እትም ነው።

ስለ ጎኑ

ማይግሬን ካለባቸው አዋቂዎች ከአሥሩ አራት ያህሉ ሕመሙ የሚሰማቸው በሁለቱም ጎን ነው። በልጆች ላይ ደግሞ ሁለቱንም ጎን መያዙ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ አንድ ጎን የመምረጥ ጠባዩ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው ወደ ጉርምስናው ማብቂያ ነው። በአንድ ጎን ጀምሮ ከሰዓታት በኋላ ወደ ሌላው የሚዛመት፣ ባለፈው ጊዜ በግራ መጥቶ በዚህኛው በቀኝ የሚመጣ ማይግሬንም አለ። ሰው የሚያስታውሰው ሕመሙ ጭንቅላቱን ሁሉ ያዳረሰበትን ሰዓት ነው። ስለዚህ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ሲባል መዳፉን ግንባሩ ላይ ዘርግቶ «ሁሉም ጋ» ይላል። «ሲጀምርስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው «ከቀኝ ዓይኔ ጀርባ» የሚለው።

የውጥረት ራስ ምታትም በበኩሉ አልፎ አልፎ በአንድ ጎን ይመጣል። ምደባው ይህን ስለሚያውቅ ጎንን ብቻውን ወሳኝ አላደረገውም። ለማይግሬን ከአራት የሕመም ጠባዮች ሁለቱ መገኘት አለባቸው፦ በአንድ ጎን መሆን፣ ትር ትር እያለ መምታት፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆን፣ በተለመደ እንቅስቃሴ መባባስ ወይም ሰውየው ከእንቅስቃሴ እንዲቆጠብ ማድረግ። የውጥረት ራስ ምታት ዝርዝር የዚህ ግልባጭ ነው፦ በሁለቱም ጎን፣ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ፣ በእንቅስቃሴ የማይባባስ። ከእነዚህም የሚፈለጉት ሁለት ናቸው። እንግዲህ ከአራቱ ሁለት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ጎኑ «አይደለም» ቢልም የቀሩት ሦስቱ ማይግሬን ለማለት ከበቂ በላይ ናቸው። በጸሐፊው አባባል ግን አንዱ የቀሩትን ሦስቱን ሽሮ ዳኛ ሆኗል።

ቦታውን ጭራሽ አትጠይቁ ማለቴ አይደለም። ሕመሙ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና ሌሎች ምልክቶችም ካሉ ወደ ማይግሬን ያጋድላል፤ ግንባርን፣ ጆሮ ግንድንና ማጅራትን ዙሪያውን እንደ መቀነት ጠፍሮ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ውጥረት። እዚህ ላይ ጽሑፉ ያላነሣው አንድ የቦታ ወጥመድ አለ። ማይግሬን ጉንጭና ግንባር ላይ ሊሰማ፣ ዓይን ሊያስለቅስና አፍንጫ ሊደፍን ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህን «ሳይነስ» ብለው ይዘውት ይኖራሉ። አንቲባዮቲክ ደጋግመው ይወስዳሉ፤ ማይግሬን በራሱ ጊዜ ስለሚተው ደግሞ መድኃኒቱ ያሻላቸው ይመስላቸዋል። ትኩሳትና ወፍራም ቀለም ያለው ፈሳሽ ሳይኖር በየወሩ ተመላልሶ የሚመጣ «ሳይነስ» ማይግሬን መሆን አለመሆኑ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሌላም አለ። ሁልጊዜ፣ ሳያዛንፍ፣ በዚያው በአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ፣ ከባድ የሆነ፣ በዚያው ጎን ዓይንን የሚያቀላና የሚያስለቅስ፣ ከሩብ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚተው፣ ሰውየውንም አላስቀምጥ ብሎ የሚያንጎራድደው ሕመም ከሁለቱም የተለየ ነው። ክላስተር የሚባለው ራስ ምታት ይህ ነው። በጽሑፉ መመዘኛ ግን «በአንድ ጎን ነውና ማይግሬን» ተብሎ ይታለፋል።

ስለ አመታቱ

በዚህ ነጥብ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው ራሱን በትክክል እንዳይለይ የሚያደርገው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

መጀመሪያ፣ ታካሚዎች ሕመማቸውን የሚገልጹበት ቋንቋ እንደ መጽሐፉ አይደለም። አንዱ «ይወቅረኛል» ይላል፣ አንዷ «ይፈልጠኛል»፣ ሌላው «ይከብደኛል» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ማይግሬን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ደነዝ ያለ ክብደት ነው፤ ትር ትር ማለቱ የሚመጣው ሕመሙ ሲበረታ ነው። ገና ሲጀምር ማስታገሻ የዋጠ ሰው መምታቱን ላያየው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ምንም ሳትወስዱለት ብትተዉት ከሰዓታት በኋላ ምን ይመስላል?» ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የዘለለ ሰው መድኃኒት ያለሰለሰውን ማይግሬን «የውጥረት» ብሎ ይመዘግባል።

ሁለተኛ፣ «እንደ ልብ ይመታል» የሚለው ገለጻ ራሱ ያሳስታል። የታካሚዎች የልብ ምትና «አሁን መታኝ» ያሉባቸው ቅጽበቶች ጎን ለጎን ሲመዘገቡ አብረው አይሄዱም፤ የሕመሙ ምት የራሱ ፍጥነት አለው፣ ብዙ ጊዜም ከልብ ምት የዘገየ ነው። ስለዚህ ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ «የደም ሥሬ ከሕመሙ ጋር አብሮ አይመታም፤ ስለዚህ ማይግሬን አይደለም» የሚል ሰው የተሳሳተ ነገር እየለካ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው የእንቅስቃሴ ጉዳይ ነው። በእኔ ልምድ ከአራቱ ጠባዮች ሁሉ ይበልጥ የሚነግረኝ ይሄ ነው። ታካሚው ስለ ሕመሙ ዓይነት ቃል ሊያጥረው ይችላል፤ ምን እንዳደረገ ግን ያውቃል። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ደረጃ ሲወጡ ምን ይሆናሉ? የጫማ ክር ለማሰር ጎንበስ ሲሉስ? ሲያስልዎት? የማይግሬን ታካሚ «ኧረ ጎንበስ አልልም!» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ደረጃ ሲወጣ አይባባስብኝም ይላል፤ ለምን ሲባል «በዚያ ሰዓት ደረጃ አልወጣም፣ ተኝቼ ነው የማሳልፈው» ይላል። ይህ መልስ «አዎ» ነው። ምደባው «መባባስ» ብቻ ሳይል «ከእንቅስቃሴ መቆጠብ» የሚለውንም የጨመረው ለዚህ ነው።

ምክንያቱም ይታወቃል። በማይግሬን ጊዜ የአንጎልን ሽፋን ስሜት የሚቀበለው የትራይጀሚናል ነርቭ ከመጠን በላይ ስሜታዊ ይሆናል። በሌላ ጊዜ የማይታወቅ፣ ሳል ወይም ማጎንበስ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈጥረው ትንሽ የግፊት ለውጥ በዚያ ሰዓት እንደ ሕመም ይሰማል። ነገሩ አንዳንዴ ወደ ቆዳም ይወጣል፤ ጸጉር ማበጠር፣ መነጽር ማድረግ፣ ጭንቅላትን ትራስ ላይ ማሳረፍ ያማል።

የውጥረት ራስ ምታት ያለበት ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። ሥራውን ይሠራል፣ ይነዳል፣ እንግዳ ያስተናግዳል። ደስ ብሎት ላይሆን ይችላል፤ ጭንቅላቱ ላይ የሆነ ነገር እንደ ተጫነበት ቀኑን ይገፋዋል እንጂ ቀኑን አይሰርዝም። አንዳንዱ ወጣ ብሎ ሲራመድ እንዲያውም ይቀለዋል። ከጭንቅላት ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎችን፣ በተለይ የጆሮ ግንድን፣ የማጅራትንና የትከሻን፣ በጣት ጫን ሲሉት ያመዋል። ይህ የጡንቻ መታመም በውጥረት ራስ ምታት ላይ በብዛት የሚገኝ ምልክት ነው። ሆኖም ብዙ የማይግሬን ታካሚዎችም ስላላቸው መገኘቱ ብቻውን አይለይም።

ስለ ማስመለሱ

ምደባው ማስመለስን ግዴታ አላደረገም። ለማይግሬን የሚፈለገው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ አለዚያም ብርሃንንም ድምፅንም አለመቻል። የማያቅለሸልሸው ሰው እንኳ ብርሃንና ድምፅ አንድ ላይ ካስቸገሩት መስፈርቱን ያሟላል።

የውጥረት ራስ ምታት መስፈርት በዚህ በኩል ጠንከር ያለ ነው። ማቅለሽለሽም ሆነ ማስመለስ መኖር የለበትም፤ ብርሃንና ድምፅን በተመለከተም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ ይፈቀዳል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ግን ከዝርዝሩ ያወጣል። በሌላ አነጋገር የማይግሬን ዝርዝር አጃቢ ምልክት ይፈልጋል፣ የውጥረቱ ደግሞ አጃቢ ይከለክላል። የሕመሙ ጠባይ በሁለቱ መካከል ሲዋልል መንገዱን የሚዘጋው ይህ ነው። (ለየት ያለው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚያመው ሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት ነው፤ በዚያ ላይ ቀለል ያለ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት ወይም ድምፅ መጥላት፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይፈቀዳል።)

ችግሩ አጃቢዎቹ ሳይጠየቁ አይወጡም። «ያቅለሸልሽሃል?» ሲባል «ኧረ አያስመልሰኝም» ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው፤ ጥያቄውን ወደ ማስመለስ ለውጦታል። «በዚያ ሰዓት ምግብ ቢቀርብልህ ትበላለህ?» ሲባል ግን «ሽታውንም አልፈልግ» ይላል። «ብርሃን ያስቸግርሃል?» ሲባል «አይ» ያለው ሰው፣ «ምርጫው ያንተ ቢሆን በብሩህ ክፍል ነው በጨለማ ክፍል የምትቀመጠው?» ሲባል ሳያመነታ በጨለማው ይላል። መጋረጃ ይዘጋል፣ የስልኩን ብርሃን ዝቅ ያደርጋል፣ ልጆቹን ዝም ያሰኛል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለዓመታት ስለለመደው እንደ ምልክት አይቆጥረውም። ቤተሰብ አብሮ ከመጣ እኔ የምጠይቀው ቤተሰቡን ነው።

ሽታም አለ። ሽቶ፣ የነዳጅ ሽታ ወይም የሲጋራ ጭስ በሕመሙ ሰዓት የማይቻል መሆኑ በምደባው ዋና መስፈርት ውስጥ ባይገባም፣ በውጥረት ራስ ምታት ላይ እምብዛም ስለማይታይ ሲገኝ ወደ ማይግሬን አጥብቆ ይጠቁማል።

የአጃቢዎቹን ክብደት በግልጽ የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2003 በጥናት የተፈተነ «አይዲ ማይግሬን» የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ራስ ምታቱ ከሥራ ወይም ከሌላ ተግባር ቢያንስ ለአንድ ቀን አግዶዎታል? ሲያምዎ ያቅለሸልሽዎታል? ሲያምዎ ብርሃን ያስቸግርዎታል? ከሦስቱ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው ማይግሬን የመኖሩ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። መጠይቁ ስለ ጎን አይጠይቅም። ትር ትር ስለማለትም አይጠይቅም። አዘጋጆቹ ብዙ ጥያቄ ይዘው ተነሥተው የተሻለ የሚለዩትን ሲያጠሩ እነዚህ ሦስቱ ናቸው የቀሩት።

ስለ ጭንቀቱና ስለ አንገቱ

ጭንቀት ሁለቱንም ይቀሰቅሳል። የማይግሬን ታካሚዎች ቀስቃሽ ነገር ተጠይቀው በብዛት ከሚጠቅሷቸው አንዱ እሱው ነው። አንዳንዶቹን የሚይዛቸው ደግሞ ጭንቀቱ ሲያበቃ ነው፤ ፈተናው አልፎ፣ ሥራው ተጠናቅቆ፣ በዕረፍቱ ቀን ጠዋት። ስለዚህ «ምን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ራስ ምታቱን ለመከላከል ይጠቅማል እንጂ ዓይነቱን ለመለየት አይበቃም።

አንገትም እንዲሁ። ከግማሽ የሚበልጡ የማይግሬን ታካሚዎች በሕመሙ ጊዜ ወይም ከእሱ ቀደም ብሎ አንገታቸውን ይይዛቸዋል። የማጅራት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚቀበለው የትራይጀሚናል ነርቭ መረጃቸውን የሚያራግፉት በአንገት የላይኛው ክፍልና በአንጎል ግንድ መገናኛ ላይ ባለ አንድ የጋራ ቦታ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ሕመም በሌላው ቦታ ይሰማል። በአንዳንዶቹ የአንገቱ መያዝ ከማዛጋት፣ ከድካም፣ ከመነጫነጭ ወይም የሆነ ምግብ ከማማር ጋር ሆኖ ራስ ምታቱን በሰዓታት፣ አንዳንዴም በአንድና ሁለት ቀን ይቀድማል። ያ ራሱ የማይግሬኑ መጀመሪያ ነው። ታካሚው ግን «አንገቴን ያዘኝና ራስ ምታት አመጣብኝ» ብሎ ቅደም ተከተሉን እንደ ምክንያት ይወስደዋል።

እስካሁን ያልኩትን በአንድ ሰው ላይ እንየው። የ31 ዓመት ሴት፣ የሂሳብ ሠራተኛ እንበል። ራስ ምታቱ የሚመጣባት ሂሳብ በሚዘጋበት የወሩ መጨረሻ ሲሆን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ይይዛታል። ከማጅራቷ ይጀምርና በሁለቱም ጎን ሽቅብ ወጥቶ ግንባሯ ላይ ይጫናል። አይመታም፣ አስመልሷትም አያውቅም። ምንም ካልወሰደችለት ከቀትር ጀምሮ እስከ ማግስቱ ንጋት ይቆያል። በጽሑፉ መመዘኛ ይህች ሴት አራቱንም ፈተና አልፋ «የውጥረት ራስ ምታት» ትባላለች፦ በሁለቱም ጎን ነው፣ ይጫናል፣ አያስመልስም፣ ጭንቀትና አንገት አሉበት።

አሁን የቀረውን እንጠይቃት። ከአሥር ስንት ትሰጪዋለሽ? «ሰባት።» ሲያምሽ ሥራሽን ትቀጥያለሽ? «እሞክርና ስክሪኑ አላስችል ስለሚለኝ እተወዋለሁ። ቤት ሄጄ መብራት አጥፍቼ እተኛለሁ።» የሰው ድምፅስ? «አጠገቤ የሚያወሩትን ቀስ በሉ እላለሁ።» ምግብስ? «ሆዴ ይገላበጣል፣ አልበላም።» ደረጃ ስትወጪ? «እያንዳንዱ እርምጃ ጭንቅላቴ ላይ ይሰማኛል።»

እንቁጠር። ቆይታው ከቀትር እስከ ንጋት 18 ሰዓት ያህል ነው፤ ማይግሬን ያለ ሕክምና ከ4 እስከ 72 ሰዓት ስለሚቆይ ያሟላል። የውጥረቱም ከ30 ደቂቃ እስከ 7 ቀን ስለሆነ ያሟላል፤ ስለዚህ ቆይታው አይለያቸውም። ከማይግሬን አራት ጠባዮች ጎኑ የለም፣ መምታቱ የለም፣ ክብደቱ አለ፣ በእንቅስቃሴ መባባሱ አለ፤ ሁለት ሆነ፣ ይበቃል። ከውጥረቱ አራት ጠባዮች ደግሞ በሁለቱም ጎን መሆኑና መጫኑ አሉ፤ ያም ሁለት ሆነ፣ ያም ይበቃል። የሕመሙ ቦታና ጠባይ ለሁለቱም እኩል አዳልተዋል ማለት ነው! ፍርዱ የሚመጣው ከአጃቢዎቹ ነው። ማቅለሽለሽ አለ፣ ብርሃንም ድምፅም ያስቸግሯታል፤ የማይግሬን መስፈርት ተሟላ፣ የውጥረቱ በሁለት በኩል ተዘጋ። እንዲህ ያለው ራስ ምታት ከአምስት ጊዜ በላይ ስለያዛት፣ የነርቭ ምርመራዋም ጤናማ ከሆነና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ ያለባት ኦራ የሌለው ማይግሬን ነው፤ ኦራ የሚባለው እንደ ዕይታ መዛባት ያለ ራስ ምታቱን የሚቀድም ምልክት ነው።

ተቃራኒውም አለ። በግራ ጆሮ ግንዱ ላይ ቀለል ብሎ የሚጫነው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ የሚተወው፣ እየሠራና እየተራመደ የሚያሳልፈው፣ ምግቡን የሚበላና ብርሃን የማያስቸግረው ሰው በአንድ ጎን ቢያመውም ያለበት የውጥረት ነው። በጽሑፉ የጎን መመዘኛ ግን ይህም ሰው ማይግሬን አለበት ይባላል።

መስፈርቱ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም መናገር አለብኝ። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ በወር ሁለት ጊዜ ማይግሬን፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ቀለል ያለ የሚጫን ራስ ምታት። ማይግሬን ባለበት ሰው ላይ ቀለል ብሎ የሚመጣው ራስ ምታት የውጥረት ይሁን ገና ያላደገ ማይግሬን አንዳንዴ በጥያቄ አይለይም። ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለው «የውጥረት የሚመስል» ራስ ምታት ለማይግሬን መድኃኒቱ ለሱማትሪፕታን ምላሽ እንደሚሰጥ ታይቷል። ለዚህ የሚረዳው ማስታወሻ መያዝ ነው። የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት፣ ከአሥር የተሰጠውን ነጥብ፣ ማቅለሽለሽን፣ ብርሃንን፣ ድምፅን፣ እንቅስቃሴን፣ የተወሰደውን መድኃኒት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በእያንዳንዱ ሕመም መጻፍ። በትዝታ ላይ ተመሥርቶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የከፋው ቀን ታሪክ ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒቱ

ቀላል ራስ ምታት ላይ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ለሁለቱም ይሰጣል፤ ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። በማይግሬን ጊዜ ጨጓራ የያዘውን ወደ አንጀት ማሳለፉ ስለሚዘገይ፣ ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን ሳይሠራ ይቀመጣል። ስለዚህ ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ መውሰድ፣ ካስፈለገም እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያለ የማቅለሽለሽ መድኃኒት መጨመር ለማይግሬን ለውጥ ያመጣል። ትሪፕታን የሚባሉት መድኃኒቶች የተሠሩት ለማይግሬን ነው፤ ማይግሬን በሌለበት ሰው ላይ ለሚመጣ የውጥረት ራስ ምታት አይታዘዙም። የልብ ደም ሥር በሽታ ላለበት፣ ስትሮክ ለደረሰበት ወይም የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ላልሆነ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሰጡም። ለመከላከያም ቢሆን አሚትሪፕቲሊን ለሁለቱም ይውላል፤ ፕሮፕራኖሎል ግን የማይግሬን ነው።

ከማስታገሻ ውጭም ስሙ ለውጥ ያመጣል። ከራስ ምታቱ በፊት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ የሚቆይ፣ ቀስ እያለ የሚሰፋ የሚያብለጨልጭ ዚግዛግ መስመር ወይም የዕይታ ክፍተት የምታይ ሴት ኦራ ያለው ማይግሬን አለባት። ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ መውሰድ የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምርባት ሌላ ዓይነት እንድትጠቀም ትመከራለች። «የውጥረት ነው» ተብላ ከተሸኘች ይህን የሚጠይቃት የለም።

«ለሁለቱም ያው ነው» ብሎ ማስታገሻ የሚደጋግም ሰው ሌላ ጣጣም ይጠብቀዋል። ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን ወይም ኮዴይንና ካፌይን የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። የሚቆጠረው የክኒኑ ብዛት ሳይሆን የተወሰደባቸው ቀናት ናቸው። ይህ ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ደነዝ ያለና በሁለቱም ጎን የሚጫን ስለሆነ፣ ሥሩ ማይግሬን የሆነውን ሰው ሁሉ የውጥረት ራስ ምታት ያለበት ያስመስለዋል። ወደ ኋላ ተመልሶ «መድኃኒት ማብዛት ከመጀመርዎ በፊት ራስ ምታትዎ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ አንባቢው ራሱን እንዲለይ ከጋበዘ በኋላ ሁለቱም ያልሆነውን አለመጥቀሱ ያሳስበኛል። በድንገት ፈንድቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ራስ ምታት፤ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፤ እጅና እግርን ያደከመ፣ ንግግርን ያጎላደፈ ወይም ንቃትን ያደበዘዘ፤ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የጀመረ፤ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አዲስ የመጣ፤ እነዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ ካንሰር ባለበት ወይም የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ አዲስ የመጣ፣ ወይም ለዓመታት የሚያውቁት ራስ ምታት ጠባዩን ሲቀይር ደግሞ ማስታወሻ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። በተለይ ከ50 በኋላ የጀመረው፣ ሲያኝኩ መንጋጋን የሚያደክምና ጆሮ ግንድ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ከዘገየ ዓይንን ያሳጣል።